«ዋስትናዬ ይውረድልኝ»፦ ከብድር ዋስትና ለመውጣት በሚጻፉ ደብዳቤዎች ግሦች ላይ የቀረበ ሂስ

ለሌላ ሰው ብድር ዋስ የሆነ ሰው ከዋስትናው ለመውጣት የሚጽፈው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ርእሱም ከሦስት መንገዶች በአንዱ ይጻፋል፤ «ዋስትናዬ እንዲወርድልኝ ስለ መጠየቅ»፣ «ዋስትናዬን ማንሣቴን ስለ ማሳወቅ»፣ «ዋስትናዬ እንዲሰረዝልኝ ስለ ማመልከት»። ጸሐፊዎቹም ሆኑ ተቀባዮቹ ሦስቱን እንደ አንድ ነገር ሦስት ስሞች አድርገው ይመለከቷቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱ አንድ አለመሆናቸውን፣ ልዩነታቸውም የአነጋገር ውበት ጉዳይ ሳይሆን ማን ዕዳ እንደሚከፍል የሚወስን መሆኑን ማሳየት ነው።

ምሳሌዎቹን ከአርባ ምንጭና ከጋሞ ዞን አካባቢ ሁኔታ ጋር አያይዘን እናያለን። ምክንያቱም በዚያ አካባቢ ችግሩ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። የዞኑ ሕዝብ በብዛት አፉን የፈታው በጋሞኛ ሲሆን፣ የመሥሪያ ቤትና የፍርድ ቤት ጽሑፍ ግን በአማርኛ ይካሄዳል። ስለዚህ ባለጉዳዩ የዋስትናን ቃላት የሚማረው ከቤቱ ሳይሆን ከቢሮ ቅጽና ከማመልከቻ ጸሐፊ ነው። በሌላ በኩል አነስተኛ ብድር የሚሰጡ ተቋማት፣ በአካባቢው ኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ በሚል ስም ሲሠራ ቆይቶ በኋላ ኦሞ ባንክ የተባለው ጭምር፣ ቤት ወይም መሬት በመያዣነት ማቅረብ ለማይችል ተበዳሪ የሰው ዋስ መቀበልን የተለመደ አሠራር አድርገውታል። ዋሱም ብዙ ጊዜ መምህር፣ የጤና ባለሙያ ወይም ሌላ ደመወዝተኛ ነው። እንግዲህ ደብዳቤው የሚጻፈው በሁለተኛ ቋንቋ፣ በተቀዳ ቃል፣ ደመወዝን በሚነካ ጉዳይ ላይ ነው።

፩. «አለኝ» እና «አለብኝ»

«ዋስ» የግእዙ «ዋሕስ» ነው፤ ሐው በአማርኛ ወድቆ ቃሉ አጥሯል። በትግርኛ ግን እስከ ዛሬ «ዋሕስ» ይባላል። ከዚሁ ጋር አብሮ ይነገር የነበረው «መድን» ዛሬ ወደ ኢንሹራንስ ትርጉም አዘንብሏል። ለሥራ ቅጥር የሚቀርበውን ዋስ ደግሞ ሕዝቡ «ተያዥ» ይለዋል። በዚህ መስክ ቃል አጥሮን አያውቅም። ችግሩ ያለው በስሙ ላይ ሳይሆን ከስሙ ጋር በሚሄደው ግሥ ላይ ነው።

«ዋስትና» የሚለው ስም በራሱ ሁለት ፊት አለው። አበዳሪው «ዋስትና አለኝ» ይላል፤ መብቱን መናገሩ ነው። ዋሱ ደግሞ «ዋስትና አለብኝ» ይላል፤ ሸክሙን መናገሩ ነው። ልዩነቱን የተሸከመችው «ብ» ብቻ ናት። በወንጀል ጉዳይ የተከሰሰ ሰውም «ዋስትና» ሲል መብቱን ማለቱ ነው። ስለዚህ «ዋስትና» ብቻውን ሲጠራ መብት ይሁን ሸክም አይታወቅም። አድማጩ የሚለየው ከሚከተለው ግሥ ነው።

«ማንሣት» የሚለው ግሥ ይህንን ልዩነት ያጠፋዋል። ሸክምን ያነሣ ሰው ተሸካሚውን ያቀልለታል፤ «ዕግዱ ተነሣ» ስንል ባለንብረቱ ይደሰታል። መብትን ያነሣ ግን ባለመብቱን ይጎዳዋል፤ «ያለመከሰስ መብቱ ተነሣ» ስንል ሰውየው ለክስ ተጋለጠ ማለት ነው። «ፍርድ ቤቱ ዋስትናውን አነሣ» የሚል ዐረፍተ ነገር የሰማ ሰውም ተከሳሹ ወደ ማረፊያ ቤት ተመለሰ ብሎ ይረዳል። «ባንኩ ዋስትናውን አነሣ» የሚለውን ሲሰማ ግን ዋሱ ነጻ ወጣ ብሎ ይረዳል። አንድ ስምና አንድ ግሥ በሁለት ቢሮ ተቃራኒ ዜና ያወራሉ። ከአማርኛ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ ተርጓሚም በዚህ ሐረግ ፊት ሲደርስ መጀመሪያ «የማን ዋስትና? ለማን የሚጠቅም?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

«ማውረድ» ከዚህ አደጋ ነጻ ነው። የሚወርደው ሸክም ብቻ ነውና። አማርኛ ዕዳን ሁልጊዜ በሰው ላይ እንደ ተጫነ ነገር አድርጎ ይናገራል፤ ዕዳ ይጫናል፣ ይከብዳል፣ ይወድቅብናል። «ዋስትናዬ ይውረድልኝ» የሚለው አነጋገር ማንም ያላስተማረው፣ ከቋንቋው ባሕርይ የበቀለ ነው። በዚህ ረገድ የማመልከቻ ጸሐፊዎች ጆሮ ትክክለኛ ነው ማለት ይቻላል።

«መሰረዝ» ደግሞ ከመዝገብ ሰው ወይም ውል መፋቅን ያሳያል። ዋሱ «ዋስትናዬ ይሰረዝልኝ» ሲል የሚፈልገው ከዛሬ በኋላ እንዳይጠየቅ ነው። የተጻፈውን የሚያነበው ባለሙያ ግን ውሉ ከመነሻው እንዳልነበረ ይቆጠርልኝ የሚል ጥያቄ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የሚፈለገውን ያህል ብቻ ለመጠየቅ ሲባል ይህ ቃል ባይገባ ይመረጣል።

፪. ሕጉ የሚለያቸው ሦስት ሁኔታዎች

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ሲሆን ከዚያ ወደ አማርኛ ተመልሷል። ስለ ዋስትና የሚናገረው ክፍል ከቁጥር 1920 ይጀምራል። ለዚህ ጽሑፍ ከዚያ የምንፈልገው ጥቂቱን ብቻ ነው። ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት እንጂ በግምት አይያዝም፤ ከተሰጠበት ወሰን አልፎ አይለጠጥም፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተጻፈ ውሉ አይጸናም (ቁጥር 1922)። የዋስትና ውል በጽሑፍ መደረግ አለበት (ቁጥር 1725)። በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል ሲለወጥም ለውጡ ያንኑ ሥርዐት ይከተላል (ቁጥር 1722)።

ከዚህ በመነሣት ዋስ ከዋስትናው የሚወጣባቸውን መንገዶች በሦስት ልንከፍላቸው እንችላለን።

አንደኛው ተበዳሪው ዕዳውን ከፍሎ ሲጨርስ ነው። ዋስትና የዋናው ዕዳ ጥገኛ ስለሆነ ዕዳው ሲቀር እርሱም ይቀራል። በዚህ ጊዜ ዋሱ የሚለምነው ነገር የለውም። የሚያስፈልገው ዕዳው ማለቁን የሚገልጽ ማረጋገጫና ደመወዙ ተይዞ እንደሆነ ለመሥሪያ ቤቱ የሚላክ የመልቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ብድሩ ተሰጥቶ ገና ተከፍሎ ሳያልቅ ዋሱ መውጣት ሲፈልግ ነው። አበዳሪው ገንዘቡን ያወጣው በዋሱ ፊርማ ተማምኖ ስለሆነ ዋሱ ብቻውን ሊወጣ አይችልም። የአበዳሪው ስምምነት ያስፈልጋል፤ ስምምነቱም በአብዛኛው የሚገኘው ምትክ ዋስ ወይም ሌላ መያዣ ሲቀርብ ነው።

ሦስተኛው ዋስትናው ወደፊት ሊመጣ ለሚችል ዕዳ፣ ያለ ጊዜ ገደብ የተሰጠ ሲሆን ነው። በየጊዜው ዕቃ በዱቤ ለሚወስድ ነጋዴ የሚሰጥ ዋስትና ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕጉ ዕዳው ገና ሳይደርስ ዋሱ ራሱን የማግለል መብት ይሰጠዋል (ቁጥር 1925)። እዚህ ዋሱ አይጠይቅም፤ ያስታውቃል።

እንግዲህ ሦስቱ ሁኔታዎች ሦስት የተለያዩ የንግግር ተግባሮች ይፈልጋሉ፤ ማረጋገጫ መጠየቅ፣ ስምምነት መጠየቅ፣ ውሳኔን ማስታወቅ። አማርኛ እነዚህን የሚለይበት መሣሪያ ሞልቶታል። «እንዲያወርድልኝ እጠይቃለሁ» እና «ማንሣቴን አስታውቃለሁ» የሚሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በባለቤትም በኀይልም ይለያያሉ። በመጀመሪያው አድራጊው ተቀባዩ ነው፤ በሁለተኛው አድራጊው ጸሐፊው ነው። ቅጾቻችን የሚሳሳቱት ይህን ልዩነት ረስተው ለሁለተኛው ሁኔታ የሦስተኛውን ግሥ ሲያውሱት ነው።

፫. አንድ ምሳሌ

ጉዳዩን ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ እናቁም። አንድ የአርባ ምንጭ መምህር ሙዝ ለሚነግድ ዘመዱ ዋስ ሆነ እንበል። ብድሩ ብር 120,000 ነው፤ ውሉ የተፈረመው መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን ዋናው ገንዘብ በየወሩ መጨረሻ ብር 5,000 እየተከፈለ በ24 ወር ያልቃል። ወለዱን ለቀላልነት እንተወው። የመምህሩ ዋስትና እስከ ብር 120,000 ድረስ ነው። ተበዳሪው ከመስከረም እስከ ሰኔ ዐሥሩን ወር ሳያጓድል ከፈለ፤ ብር 50,000 ተከፍሎ ብር 70,000 ቀረ። በሐምሌ 2016 መምህሩ የሚከተለውን ጽፎ አስገባ፦

«ለዘመዴ የሰጠሁትን ዋስትና ከዛሬ ጀምሮ ያነሣሁ መሆኑን በትሕትና አሳውቃለሁ።»

መዝገብ ቤቱ ደብዳቤውን ተቀብሎ በግልባጩ ላይ «ተቀብለናል» የሚል ማኅተም መታበት፤ ቁጥርና ቀን ጻፈበት። መምህሩም ጉዳዩ አለቀ ብሎ ግልባጩን አስቀመጠ። ተበዳሪው ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 2017 ስድስት ወር፣ ብር 30,000 ከፈለና በጥር ቆመ። አበዳሪው ቀሪውን ብር 40,000 ከዋሱ ጠየቀ። መምህሩ ማኅተም ያለበትን ግልባጭ ይዞ ሄደ።

ክርክሩ በሁለት ቃላት ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያው «አነሣሁ» ነው። መምህሩ ያደረገው ማስታወቅ ነው፤ ያለበት ሁኔታ ግን ስምምነት የሚጠየቅበት ነበር። ብድሩ የታወቀ፣ የተሰጠና ጊዜው የተወሰነ ስለሆነ በአንድ ወገን ማስታወቂያ አይወርድም። ሁለተኛው «ተቀብለናል» ነው። በአማርኛ «ተቀበለ» ወረቀት በእጅ መያዝንም፣ በሐሳብ መስማማትንም ይሸፍናል። «ደብዳቤውን ተቀበለ» እና «ሐሳቡን ተቀበለ» በአንድ ግሥ ይነገራሉ። መምህሩ ማኅተሙን በሁለተኛው ትርጉም አነበበው፤ መዝገብ ቤቱ ያተመው በመጀመሪያው ነበር። ደግሞም መዝገብ ቤት ወረቀት ከመረከብ በስተቀር አበዳሪውን የሚያስገድድ ስምምነት የመስጠት ሥልጣን የለውም።

በዚህ ምሳሌ መምህሩ ብር 40,000ውን ከመክፈል የሚያድነው የቋንቋ ማስረጃ የለም። የከፈለ እንደሆነ ገንዘቡን መልሶ ከተበዳሪው መጠየቅ ይችላል፤ ተበዳሪው ግን ያልከፈለው በአብዛኛው ስለሌለው ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የተፈጸመው በጥር 2017 ሳይሆን በሐምሌ 2016፣ ግሡ በተመረጠበት ሰዓት ነው።

ያው መምህር ቢከተለው ይሻል የነበረው አጻጻፍ የሚከተለውን ይመስላል፦

«መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ለተበዳሪው እስከ ብር 120,000 ድረስ ዋስ ሆኛለሁ። እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዋናው ብድር ብር 50,000 ተከፍሎ ብር 70,000 ይቀራል። ለቀሪው ዕዳ በእኔ ምትክ ዋስ ለመሆን የተስማሙ ሰው ስላሉ የስምምነት ጽሑፋቸውንና የደመወዝ ማስረጃቸውን አያይዣለሁ። ስለዚህ ተቋሙ ምትክ ዋሱን ተቀብሎ የእኔን ዋስትና እንዲያወርድልኝ፣ ያወረደበትን ቀን በጽሑፍ እንዲገልጽልኝ፣ ግልባጩም ለመሥሪያ ቤቴ እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ።»

እዚህ ላይ አራት ነገሮች ይታያሉ። ውሉ በቀኑና በልኩ ተለይቷል፤ ስለዚህ ተበዳሪው ሌላ ብድር ቢኖረው አይቀላቀልም። ቀሪው ዕዳ በቁጥር ተጽፏል። «ይውረድልኝ» በሚለው አድራጊ የለሽ ግሥ ፈንታ «እንዲያወርድልኝ» ገብቷል፤ አውራጁ ተቋሙ መሆኑ ታወቀ። በመጨረሻም መልሱ በጽሑፍ እንዲሆን ተጠይቋል። የመውጣት ምክንያት አልተጻፈም። ብዙ ማመልከቻዎች ይሉኝታን ለመሸሽ «በግል ችግር ምክንያት» የሚል ሐረግ ይጨምራሉ፤ ምክንያቱ ለጥያቄው ኀይል አይጨምርም፤ ደብዳቤውም የሚጻፈው ለአበዳሪው እንጂ ለዘመዱ አይደለም።

ይህ ደብዳቤ አበዳሪውን አያስገድደውም። ተቋሙ ምትክ ዋሱን አልቀበልም ሊል ይችላል፤ ያን ጊዜ የመምህሩ ዋስትና ጸንቶ ይቆያል። ነገር ግን መምህሩ ዋስ መሆኑን እያወቀ ይቆያል፤ የዘመዱን ክፍያ በየወሩ ይከታተላል፤ በጥር የተቋረጠውን ክፍያም በጥር ይሰማል። የትክክለኛ ግሥ ጥቅሙ ይኸው ነው።

፬. ስለ መልስ ደብዳቤዎች

ሂሱ በጠያቂው ላይ ብቻ ሊቆም አይገባውም። የመልስ ደብዳቤዎች የተለመደ አጻጻፍ «ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት ዋስትናዎ የወረደ መሆኑን እንገልጻለን» የሚል ነው። ዐረፍተ ነገሩ ጨዋ ነው፤ ነገር ግን ሦስት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ያልፋል። «የወረደ» ማን አወረደው? መቼ ወረደ? ከመውረዱ በፊት ደርሶ ያልተከፈለ ክፍያ ቢኖር ማን ይጠየቅበታል? «የወረደ መሆኑን» የሚለው አቀማመጥ ድርጊቱን ከጽሑፉ ውጭ ሌላ ቦታ እንደ ተፈጸመ አድርጎ ያወራል፤ ደብዳቤው ራሱ ማውረጃ ይሁን ወይስ ስለ ሌላ ውሳኔ የሚያወራ ወሬ አይለይም። ይህን ወደ ጋሞኛ አፍ የሚመልስ አስተርጓሚም አድራጊውንና ጊዜውን ከራሱ ሊጨምር ይችላል፤ የጨመረውም በችሎት እንደ ደብዳቤው ቃል ሊያዝ ይችላል።

የተሻለው መልስ አጭር ነው፦ «ተቋሙ ከሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተጠቀሰው ውል የሰጡትን ዋስትና አውርዶልዎታል። ከዚህ ቀን በፊት ደርሶ ያልተከፈለ ክፍያ ቢኖርም ከእርስዎ አይጠየቅም።» ተቋሙ ያለፈውን ክፍያ መተው ካልፈለገ «ከዚህ ቀን በፊት ለደረሰው ክፍያ ግን ኀላፊነትዎ ይቀጥላል» ብሎ ይጽፋል። ዋሱ የትኛውንም ቢያገኝ የቆመበትን ቦታ ያውቃል።

አንድ ተጨማሪ መለያ ከዚህ ጋር ይያያዛል። የዋሱ ደመወዝ ተይዞ ከነበረ ለመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈው ደብዳቤ ሌላ ነገር ነው። አበዳሪው ለዋሱ ዋስትናውን «ያወርዳል»፤ ለመሥሪያ ቤቱ ግን የደመወዙን ዕገዳ «ያነሣል»። ሁለቱ በአንድ ደብዳቤ ሊጻፉ ይችላሉ፤ በአንድ ግሥ ግን አይጻፉ። ዕገዳው ተነሥቶ ዋስትናው ያልወረደለት ሰው ደመወዙን ሙሉ እየተቀበለ ዋስ ሆኖ ይኖራል፤ ይህንንም የሚያውቀው ሲጠየቅ ነው።

፭. ለመዝገበ ቃላት የቀረበ ሐሳብ

ከላይ በተባለው መሠረት በብድር ዋስትና መስክ የሚከተለው ክፍፍል ቢያዝ ይጠቅማል እንላለን።

«ዋስትና ቀረ»፦ ዋናው ዕዳ በመከፈሉ ወይም በሌላ ምክንያት በመቅረቱ ዋስትናው ያለ ማንም ውሳኔ ሲያበቃ። ከዚህ ጋር የሚጠየቀው «ማረጋገጫ» ነው።

«ዋስትናን አወረደ»፦ አበዳሪው ዕዳው ሳያልቅ በስምምነቱ ዋሱን ከኀላፊነት ሲያወጣ። ባለቤቱ ሁልጊዜ አበዳሪው ነው፤ «ወረደ» የሚለው አድራጊ የለሽ መልክ በሕግ ጽሑፍ ብቻውን አይግባ።

«ዋስትናን አነሣ»፦ ዋሱ ራሱ፣ ጊዜ ላልተወሰነለትና ገና ላልደረሰ ዕዳ የሰጠውን ዋስትና በማስታወቂያ ሲያቆም። ባለቤቱ ሁልጊዜ ዋሱ ነው።

«ደብዳቤ ደረሰን» እና «ጥያቄውን ተቀብለናል»፦ የመዝገብ ቤት ማኅተም የመጀመሪያውን ብቻ ይያዝ፤ ሁለተኛው ለሥልጣን ባለው ሰው ፊርማ ይቆይ።

ይህ ክፍፍል ሕዝቡ በቃል የሚናገረውን ለመግታት አይደለም። ሰው በአፉ «ዋስትናዬን አወረድኩ» ቢል ይግባባል። ክፍፍሉ የታሰበው ለጽሑፍ ነው፤ አንባቢው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጸሐፊው በሌለበት፣ ገንዘብ በሚጠየቅበት ሰዓት ለሚያነበው ጽሑፍ።